አጣዳፊ የቆሽት ብግነት ያለበትን ሕመምተኛ ሲመግቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የላይፔዝ ውጤት እስኪወርድ መጠበቅ

«ቆሽቱ ይረፍ» በሚል ሕመምተኛውን ለቀናት በአፍ ምንም ሳይወስድ ማቆየት ለረጅም ጊዜ የተለመደ አሠራር ነበር። ዛሬ ግን ምግብ ያጣ አንጀት ግድግዳው እንደሚዳከምና ባክቴሪያ በቀላሉ ሊያልፍበት እንደሚችል ስለሚታወቅ፣ ሕመሙ ቀላል ከሆነና ሕመምተኛው መብላት ከቻለ በ24 ሰዓት ውስጥ በአፍ መመገብ እንዲጀመር ይመከራል።

በሐሞት ጠጠር ምክንያት የታመመች አንዲት የ38 ዓመት ሴት እናስብ። ስትገባ ሕመሟ ከ10 ላይ 8 ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ 4 ወርዷል፣ ከሌሊቱ ጀምሮ አላስታወከችም፣ ሆዷ አልተነፋም፣ «ርቦኛል» ትላለች። ላይፔዟ ግን ገና ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ከፍ ያለ ነው። ይህች ሴት ልትመገብ ይገባል። ላይፔዝ በሽታውን ለመለየት እንጂ ምግብ የሚጀመርበትን ቀን ለመወሰን አያገለግልም፤ ስለዚህ ለዚሁ ብሎ በየቀኑ ደም መቅዳት ትርፉ ወጪ ነው። ሕመሙም ጨርሶ እስኪጠፋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እየቀነሰ መሄዱ ይበቃል።

በውሃና በሾርባ ብቻ መጀመር

መጀመሪያ ቀጭን ፈሳሽ፣ ቀጥሎ አጥሚት፣ በመጨረሻ ጠጣር ምግብ የሚለው ቅደም ተከተል ግዴታ አይደለም። ከመጀመሪያው ቅባቱ ያነሰ ጠጣር ምግብ ማቅረብ ይቻላል፤ ሩዝ፣ ቅቅል ድንች፣ ዳቦ ወይም ዘይት ያልበዛበት ሽሮ በእንጀራ ይሆናል። ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ከቤት የሚመጣው ምግብ ነው፤ ቤተሰብ «አቅም ይስጣት» ብሎ የሚያመጣው ቅቤ የገባበት አጥሚት ወይም የሰባ የሥጋ መረቅ «ፈሳሽ» ቢባልም ቅባቱ ብዙ ነው። አስታማሚዋን ምን እንዳመጣች በትህትና መጠየቅና ምን ቢያመጡ እንደሚሻል መንገር የነርሷ ሥራ አካል ነው።

ሕመም ትንሽ ሲጨምር ወደ ሙሉ ክልከላ መመለስ

ምግብ ከተጀመረ በኋላ ሕመም የሚመለስባቸው ሕመምተኞች ጥቂት አይደሉም። ጭማሪው መጠነኛ ከሆነና ማስታወክ ከሌለ መጠኑን ቀንሶ፣ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት እየሰጡ መቀጠል ይቻላል። ሕመሙ በጣም ከበረታ፣ ማስታወኩ ከተደጋገመ ወይም ሆዱ ከተነፋ ግን ምግቡን አቁሞ ሕመምተኛውን እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ ደግሞ ምክንያቱ ምግቡ ላይሆን ስለሚችል፣ በሐሞት ቱቦ ውስጥ የቀረ ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን መኖሩን መፈለግ ይገባል።

በአፍ ያልቻለውን በደም ሥር ብቻ መመገብ

ሕመሙ ከባድ ሆኖ በአፍ መብላት ለማይችል ሰው ከደም ሥር ምግብ በፊት የሚሞከረው በቱቦ መመገብ ነው፤ የኢንፌክሽን አደጋው ያነሰ ነውና። ብዙ ጊዜ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የገባ ቱቦ ይበቃል፤ ጨጓራው ምግቡን ካላሳለፈ ግን ቱቦውን ወደ ትንሹ አንጀት ማሻገር ይታሰባል። ድንጋጤ ውስጥ ላለና የደም ግፊቱ ገና ላልተረጋጋ፣ ወይም አንጀቱ ለተዘጋ ሕመምተኛ ይህ አይጀመርም። ለቀናት ያልበላ ወይም አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ከሆነ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ፎስፌት ይለካሉ፤ ታያሚን ቀድሞ ይሰጣል፤ ምግቡም ቀስ በቀስ ይጨምራል።

«ምግብ ተስማምቷታል» ብሎ መጻፍ

በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያመጣው ይህ ነው፤ የሌሊት ተረኛው ምን ያህል እንደበላች ካላወቀ፣ ለመጀመሪያው ቅሬታ የሚሰጠው መልስ ምግቡን ማስቆም ይሆናል። ማስታወሻው የቀረበውን፣ የተበላውን፣ ከምግቡ በፊትና በኋላ የነበረውን ሁኔታ፣ ቀጥሎ የሚደረገውንም መያዝ አለበት። ለምሳሌ፦

«ከቀኑ 7፡00፦ አንድ ሳህን ሩዝና ቅቅል ድንች ቀርቦላት ግማሹን በልታለች። ሕመም ከምግብ በፊት 3/10፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 4/10። መጠነኛ ማቅለሽለሽ አላት፤ አላስታወከችም። ሆዷ ለስላሳ ነው፤ አልተነፋም። ትራማዶል ከጠዋቱ 2፡00 ላይ ተሰጥቷታል፤ ከዚያ ወዲህ አልተሰጣትም። ማታ በተመሳሳይ መጠን ይቀጥላል። ሕመሙ ከ6 ካለፈ ወይም ካስታወከች ምግቡ ቆሞ ተረኛ ሐኪም ይጠራ።»

እዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የማስታገሻው ሰዓት ነው። መርፌ ከተወጋች ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተመዘገበ 2/10 ምግቡ ተስማምቷታል ለማለት አያበቃም፤ ያለ ማስታገሻ የተመዘገበ 4/10 ግን ለመቀጠል በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።