ሕፃን ፓራሲታሞል ከልክ በላይ ሲጠጣ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የፓራሲታሞል ጠርሙስ ይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሮጥ ወላጅ ፊቱ አመድ መስሎ ይደርሳል፤ በእቅፉ ያለው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ እየሳቀ ነው። ከአፉ የእንጆሪ ሽታ ይሸታል፤ የሸሚዙ ደረት በሽሮፕ ተጣብቋል፤ ሌላ ምንም የሚታይ ነገር የለም። አንዳንዱ ወላጅ ይህን ሳቅ አይቶ ከመንገድ ይመለሳል። እኔ የምፈራው ይህን መመለስ ነው፤ ምክንያቱም በፓራሲታሞል ጉዳይ የመጀመሪያው ቀን የልጁ ሁኔታ ስለ አደጋው ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ስሌቱ ነው።

ችግር፦ ልጁ ከጠርሙሱ ጠጥቷል፤ ግን ደህና ይመስላል

*ምክንያቱ።* ፓራሲታሞል በጉበት ውስጥ ሲፈጭ አብዛኛው ምንም ጉዳት ሳያደርስ በሽንት ይወጣል። ጥቂቱ ግን ወደ መርዛማ ውሁድ ይቀየራል። በተለመደው መጠን ጉበት ግሉታታይን በተባለ የራሱ መከላከያ ይህን መርዝ ወዲያው ያከሽፈዋል። መድኃኒቱ ሲበዛ የግሉታታይኑ ክምችት እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው መርዝ የጉበትን ሕዋሳት ማጥቃት ይጀምራል። ይህ ሁሉ ያለ ሕመም ሰዓታት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ልጁ ቢበዛ ሊያስመልሰው ወይም ሊገረጣ ይችላል፤ ጨርሶ ምንም ምልክት ላያሳይም ይችላል። የጉበት ጉዳት ምልክት ብቅ የሚለው ከአንድ ቀን በኋላ ነው፤ የሚከፋውም በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ገደማ ነው። ማርከሻው ግን ከሁሉ በላይ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ምልክት የሚጠብቅ ሰው ምርጡን ጊዜ ያሳልፋል።

*መፍትሄው።* ልጁን አታስመልሱት። ጣት ጉሮሮው ውስጥ መክተት ሳንባውን ለአደጋ ያጋልጣል። ጨው በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ከዚህም የባሰ ነው፤ ጨው ብቻውን ሕፃን ሊገድል ይችላል። ወተትም ፓራሲታሞልን አያረክስም። አፉን ጥረጉለት፣ ጠርሙሱን ከነክዳኑና ከነካርቶኑ ያዙ፣ ከዚያም አራት ነገሮችን ጻፉ፦ በጠርሙሱ ላይ የታተመውን የመድኃኒቱን ጥንካሬ፣ የጎደለውን መጠን፣ የልጁን ክብደትና የጠጣበትን ሰዓት። በአካባቢያችሁ የመርዝ መረጃ ማዕከል ካለ እነዚህን አራቱን ይዛችሁ ደውሉ፤ ከሌለ ወደ ጤና ተቋም ይዛችኋቸው ሂዱ።

የጎደለውን በዓይን አትገምቱ። የተረፈውን ሽሮፕ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየሳባችሁ ቁጠሩ። ጠርሙሱ ሲከፈት 100 ሚሊሊትር ከነበረና አሁን 20 ከቀረ፣ የጎደለው 80 ነው። ምንጣፍ ላይ የፈሰሰውን አትቀንሱ፤ ሽሮፕ ሲፈስ ካለው በላይ የበዛ ይመስላል። ክብደቱን የማታውቁ ከሆነ ልጁን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፤ ከዚያ ብቻችሁን ተመዝናችሁ ልዩነቱን ያዙ።

ስሌቱ በአንድ ጉዳይ ላይ

የሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ክብደቱ 12 ኪሎ። ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ስለያዘው እናቱ አዲስ የ100 ሚሊሊትር ጠርሙስ ከፍታ በየተራው 7.5 ሚሊሊትር ሦስት ጊዜ ሰጥታዋለች። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ወደ መኝታ ክፍሉ ስትገባ ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ክዳኑን ያኝካል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ እንደነበር ታስታውሳለች። አሁን ጠርሙሱ ውስጥ 20 ሚሊሊትር ቀርቷል።

የሽሮፑ ጽሑፍ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ይላል፤ ይህም በአንድ ሚሊሊትር 24 ሚሊግራም ማለት ነው። የእናቲቱ የመጀመሪያ ሐሳብ የሰጠችውን 22.5 ሚሊሊትር ቀንሶ ልጁ ራሱ የጠጣውን ብቻ መቁጠር ነበር። ይህ 57.5 ሚሊሊትር፣ ማለትም 1380 ሚሊግራም ይሆናል። ለ12 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 115 ሚሊግራም ነው።

ጉበቱ ግን እናት የሰጠችውንና ልጁ የሰረቀውን አይለይም። ሦስቱም መጠኖች ባለፉት 24 ሰዓታት የተሰጡ ስለሆኑ ይደመራሉ። የ80 ሚሊሊትር ድምር 1920 ሚሊግራም ነው፤ በኪሎ 160።

ለማነጻጸር ያህል፣ የአንድ ጊዜ ትክክለኛ መጠን በኪሎ 15 ሚሊግራም አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሆስፒታል መመሪያ ማርከሻ እንዲታሰብ የሚያዘው በኪሎ 150 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ብሪታንያ ከ75 ጀምሮ ልጁ በሐኪም እንዲታይ ትፈልጋለች፤ አሜሪካና አውስትራሊያ ደግሞ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ጤነኛ ልጅ በአንድ ጊዜ ለጠጣው መስመሩን 200 ላይ ያሰምራሉ። ቁጥሮቹ የተለያዩት ጉበት ከአገር አገር ስለሚለይ አይደለም። ትንንሽ ልጆች መድኃኒቱን ከአዋቂ በተሻለ መንገድ እንደሚያስወግዱት ይታወቃል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ አገር ለስሕተት በሚተወው ክፍተት ላይ ነው። እኔ ለወላጅ የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ከ75 በታች ከሆነና ልጁ ጤነኛ ከሆነ ተጨማሪ ፓራሲታሞል ሳትሰጡ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ፤ ከ75 እስከ 150 ከሆነ ብቻችሁን አትወስኑ፣ በዚያው ሰዓት ደውሉ ወይም ሂዱ፤ 150 ከደረሰ ሳትደውሉም ሂዱ። ልጁ በጣም የከሳ ከሆነ፣ ለቀናት ምግብ ካልበላ፣ የጉበት በሽታ ካለበት፣ ወይም እንደ ፊኖባርቢታል ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከወሰደ ሁሉንም መስመሮች ወደ ታች አውርዱ።

በዚህ ጉዳይ እናቲቱ መሄድ አለባት። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፦ ጽሑፉ በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም ይላል እንበል። ያው ጠርሙስ፣ ያው 80 ሚሊሊትር፣ ያው ልጅ፤ ድምሩ ግን 4000 ሚሊግራም፣ በኪሎ 333 ይሆናል። ካርቶኑን ይዛችሁ ኑ የምለው ለዚህ ነው። «ግማሽ ጠርሙስ ጠጣ» የሚለው ቃል ብቻውን ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ

ወላጆችን የሚያስቆጣው መጠበቁ ነው። ልጁ ከጠጣ ብዙም ካልቆየ አክቲቬትድ ቻርኮል ሊሰጠው ይችላል፤ ይህ ለሕክምና የተዘጋጀ ልዩ ዱቄት እንጂ የሚነድ ከሰል አይደለም። ደም ግን ብዙ ጊዜ ወዲያው አይወሰድም። ከጠጣ 4 ሰዓት ሳይሞላው መድኃኒቱ ገና ከሆድ ወደ ደም እየገባ ስለሆነ የሚገኘው ቁጥር ያሳስታል። በልጃችን ጉዳይ ጠርሙሱ ጎድሎ የተገኘው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ስለሆነ ደሙ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይወሰዳል። የማርከሻው የ8 ሰዓት ገደብ ግን ልጁ ቀደም ብሎ ጠጥቶ ሊሆን ስለሚችል ከ3 ሰዓት ተኩል ይቆጠራል፤ ያም ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። በሁለቱ መካከል በቂ ጊዜ አለ፤ እናቲቱ ማታ መጥታ ቢሆን ግን ውጤት ሳይጠበቅ ማርከሻው ይጀመር ነበር።

በብዙ አገሮች በ4ኛው ሰዓት በሊትር ደም 150 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ ሕክምና ይጀመራል፤ ብሪታንያ ከ2012 ወዲህ በ100 ትጀምራለች። ይህ መለኪያ የተሠራው በአንድ ጊዜ ለተጠጣ መድኃኒት ስለሆነ፣ ከትናንት ጀምሮ ሲወስድ ለነበረው ልጃችን የጉበት ኢንዛይም ምርመራም ይጨመርለታል። የደሙ መጠን ዝቅተኛ፣ ኢንዛይሙም ጤናማ ከሆነ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የደም መጠን መለኪያ በሌለበት ተቋም ሐኪሙ በኪሎ ስሌቱ ብቻ ይወስናል፤ እዚያ የእናቲቱ ወረቀት የላቦራቶሪውን ቦታ ይይዛል።

ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን ይባላል፤ ጉበት ያለቀበትን ግሉታታይን እንደገና እንዲሠራ ይረዳዋል። በደም ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ 21 ሰዓት ያህል ይንጠባጠባል። በመጀመሪያው ሰዓት የልጁ ፊት ሊቀላና ቆዳው ሊያሳክከው ይችላል፤ ነርሷን ጥሩ፣ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን ቀንሶ መቀጠል ይበቃል። እሱ በማይገኝበት ቦታ ልጁ ካላስመለሰው በአፍ የሚሰጥ ሜታዮኒን አለ።

ችግር፦ ከጠርሙስ አልጠጣም፤ በሕክምናው መሀል ነው የበዛው

*ምክንያቱ።* አባት ሰጥቶ ሳይናገር እናት ትደግማለች፤ ወይም ሽሮፕና በፊንጢጣ የሚሰጠው ፓራሲታሞል አብረው ይሰጣሉ፤ ወይም የጉንፋኑ መድኃኒት ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፤ አንዳንዱ ካርቶን ላይ ደግሞ አሴታሚኖፌን በሚል ሌላ ስም ተጽፏል። ከሁሉ የማስጠነቅቀው ስለ ጠብታው ነው። ጠብታ በአንድ ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል፤ በሽሮፕ ልማድ 5 ሚሊሊትር የሰጠ ሰው 120 ሰጠሁ ብሎ 500 ሰጥቷል።

*መፍትሄው።* ለ10 ኪሎ ልጅ ይህ ስሕተት አንድ ጊዜ ከሆነ በኪሎ 50 ነው፤ የሚቀጥለውን መጠን ዝለሉና ሐኪም አማክሩ። ለሁለትና ለሦስት ቀን ከተደጋገመ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ ክምችቱ ለማገገም ጊዜ ስለማያገኝ መስመሩ ይወርዳል። ለሦስት ቀናት በየቀኑ በኪሎ 100 ሚሊግራም የወሰደ ልጅ ደህና ቢመስልም ደሙ መታየት አለበት። እዚህ የ4 ሰዓት ጥበቃ የለም፤ እንደደረሰ ይመረመራል።

ችግር፦ ልጁ ከጠጣ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈዘዘ፣ ተንቀጠቀጠ ወይም አተነፋፈሱ ተለወጠ

*ምክንያቱ።* ይህ በመጀመሪያው ሰዓት የፓራሲታሞል ጠባይ አይደለም። ሌላ መድኃኒት አብሮ እንደገባ ጠርጥሩ።

*መፍትሄው።* ስሌቱን ተዉት። አምቡላንስ ጥሩ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሌላ ሰው በቤት ውስጥ የተከፈተ እንክብልና ጠርሙስ ሁሉ ሰብስቦ ይከተላችሁ።

ችግር፦ ትናንት ጠጥቶ ነበር፤ ዛሬ ያስመልሰዋል፣ ከቀኝ የጎድን አጥንቱ በታች ሲነኩት ያለቅሳል

*ምክንያቱ።* ጉበቱ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። የዓይኑ ነጭ መቢጨት፣ ያለ ምክንያት መድማትና መደናገር ዘግይተው የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጊዜ የደም ስኳሩም ሊወድቅ ይችላል።

*መፍትሄው።* ወላጆች «8 ሰዓቱ አልፏል» ብለው ተስፋ ቆርጠው ቤት ሲቀመጡ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። 8 ሰዓት ማርከሻው ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ወሰን ነው እንጂ የሚዘጋ በር አይደለም። አሴቲልሲስቴይን ዘግይቶም፣ ጉበት መዳከም ከጀመረ በኋላም ይሰጣል፣ ይጠቅማልም። ልጁን አሁኑኑ ውሰዱት፤ ትናንት ምን ያህል እንደጠጣና ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር በር ላይ ላገኛችሁት የመጀመሪያ ሠራተኛ ተናገሩ።