የጠዋቱን 3 ሰዓት ቀጠሮ ካሳለፍኩ በኋላ የጻፍኩት ይቅርታ

ሐዋሳ ላይ ከአንዲት ደንበኛዬ ጋር ለጠዋቱ 3 ሰዓት የያዝኩትን ቀጠሮ ስልኬ ላይ 3:00 PM ብዬ በመመዝገቤ፣ እርሳቸው ቢሮአቸው ውስጥ 40 ደቂቃ ሲጠብቁኝ እኔ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት መልእክት ስለ ስልኩ አሰራር የሚተርክና «በጣም» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ የሚደጋግም ነበር፤ ሳነበው እርሳቸው እኔን እንዲያጽናኑኝ የምለምን ስለመሰለኝ አጠፋሁት። ደወልኩ፣ አላነሱም፤ ስለዚህ ይህንን ላክሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የዛሬ ጠዋቱን ቀጠሮ ሰዓቱን በስህተት መዝግቤ አልተገኘሁም፤ ስላስጠበቅኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ቢሮዎ ልመጣ እችላለሁ። ልንነጋገርበት የነበረውን የዋጋ ዝርዝር አያይዣለሁ።»

ምክንያቱን በሁለት ቃል ብቻ የጠቀስኩት ጨርሶ ብተወው ንቀት ስለሚመስል ነው፤ ዝርዝሩን ያያያዝኩት ግን የባከነውን ጊዜ በከፊል ስለሚመልስ ነው። ቅናሽ አልጨመርኩም፤ ያልጠየቁትን ገንዘብ ማቅረብ ጥፋቱን ከነበረው በላይ ያከብደዋል።

ከሰዓት በኋላ መልሳቸው ደረሰኝ፦ «ነገ 3 ሰዓት። የጠዋቱ!»