ጉርድ ፎቶ ብቻ የተረፈለትን ዘመድ ወደ አሮጌ የቤተሰብ ፎቶ እንዴት ማስገባት ይቻላል?

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፎቶ በተነሣበት ቀን ያልነበረ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ምስሉ የሚገኘው ለመታወቂያ በተነሣው ጉርድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ጉርድ ፎቶ ከደረት በታች ስለማያሳይ ሰውየውን ከፊት ረድፍ ማስቀመጥ አይቻልም። ከኋላ ረድፍ በሁለት ሰዎች መካከል ከገባ ግን ከራሱና ከአንገቱ በቀር የሚታየው የትከሻው ጫፍ ብቻ ስለሚሆን የጎደለው አካል ጥያቄ አያስነሣም፤ በፎቶው ጥግ ያረፈ ማኅተም ካለም ከጎረቤቱ ትከሻ ጀርባ ይቀራል። እዚህ ላይ እንደ ምሳሌ የምወስደው በ1960ዎቹ በግቢ ውስጥ በፀሐይ የተነሣን የጥቁርና ነጭ ፎቶና በስቱዲዮ የተነሣን የአንድ አጎት ጉርድ ነው። መሣሪያው ፎቶሾፕ ነው።

ሁለቱንም ፎቶዎች በ600 dpi ስካን አድርገው በTIFF ያስቀምጡ። በዕድሜ ብዛት ቡናማ የሆነውን ቀለም በBlack & White አጥፍተው ይሥሩ፤ ቡናማው ቀለም መጨረሻ ላይ በሁሉም ላይ አንድ ላይ ሲመለስ አዲሱንና ነባሩን ያዋህዳቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ነው፤ ምክንያቱም ጥላን ማጥቆርና ማሳሳት ይቻላል እንጂ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ማዛወር እጅግ አስቸጋሪ ነው። የኋላ ረድፍ ሰዎች የአፍንጫ ጥላ በየት በኩል እንደወደቀ፣ ከአገጫቸው ሥርም ምን ያህል እንደጠቆረ ይመልከቱ። የጉርዱ ጥላ በተቃራኒው ከሆነ ምስሉን መገልበጥ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን የፊት ሁለቱ ጎኖች እኩል ስላልሆኑ የሚያውቁት ሰዎች ወዲያው እንግዳ ይሆንባቸዋል፣ የኮቱም ቁልፍ በተቃራኒው ወገን ይሆናል። እኔ ከመገልበጥ ይልቅ ሌላ ጉርድ መፈለግን እመርጣለሁ። ፊት ለፊት በበራ መብራት የተነሣና ጥላው የሳሳ ጉርድ ከተገኘ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ የጎደለውን ጥላ ከአገጩ ሥርና ከፀሐይ ማዶ ባለው ጉንጭ ላይ፣ Multiply በተባለው ሌየር በለስላሳ ብሩሽ ቀስ በቀስ ማከል ይቻላል።

መጠኑ በግምት ሳይሆን በልኬት ይወሰን። በዘመኑ አፍሮ የተለመደ ስለነበር ራስን ከፀጉር ጫፍ መለካት ያሳስታል፤ ከዓይን መስመር እስከ አገጭ ያለው ርቀት የተሻለ ነው። በምሳሌያችን አጎት ከሚገባበት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት አዋቂዎች 106 እና 102 ፒክስል ይሆናሉ፤ አማካዩ 104 ነው። በጉርዱ ላይ ያው ርቀት 320 ከሆነ 104 ለ320 ሲካፈል 32.5 በመቶ ይሰጣል፤ ምስሉም በዚሁ መጠን ይነስ። የፊት ረድፍ ሰዎች ለካሜራው ስለሚቀርቡ ፊታቸው ሰፋ ብሎ ይታያል፣ በእነርሱ የተለካ ሰውም ከኋላ ሲቆም ራሱ የገዘፈ ይሆናል። አጎት ረጅም ከነበሩ የዓይናቸውን መስመር ከጎረቤቶቻቸው ከፍ ያድርጉት እንጂ ፊታቸውን አያስፉት።

ሰውየውን ከቆረጡ በኋላ የጎረቤቶቹ ትከሻ ከፊቱ እንዲመጣ በLayer Mask ይሸፍኑ። ከዚያ በCurves ድምቀቱን ያስተካክሉ። የቆየ ፎቶ ስለሚደበዝዝ ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር፣ ነጩም ፍጹም ነጭ አይደለም፤ የጎረቤቱ ፀጉር በInfo ፓነል 45፣ ብርሃን ያረፈበት ግንባሩ 185 ካነበበ፣ ጥርት ባለው ጉርድ ላይ ግን 12 እና 225 ካለ፣ በCurves መስመር ላይ Input 12 የሆነውን ነጥብ ወደ Output 45፣ Input 225 የሆነውን ወደ Output 185 ያምጡ። የቆዳው ቅላትና ጥቁረት ከሰው ሰው ስለሚለይ ግንባሩን ፍጹም እኩል ማድረግ ግድ አይደለም፤ የፀጉሩ ጥቁረት ግን ካልተመሳሰለ ሰውየው ከኋላ ረድፍ ወጥቶ ወደ ፊት የመጣ ይመስላል።

ቅንጣት፣ ማለትም በፊልም ፎቶ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ የመጨረሻው ደረጃ የሚሆነው ምስሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲያንስ የራሱን የፊልም ቅንጣት ስለሚያጣና ፊቱ ከጎረቤቶቹ ይልቅ የተወለወለ ስለሚሆን ነው። መጀመሪያ በGaussian Blur የሽፋሽፍቱ ጥራት ከጎረቤቱ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ጥቂት ያደብዝዙት። ቀጥሎ በ50% ግራጫ የተሞላ ሌየር በሰውየው ላይ ብቻ እንዲሠራ አያይዘው፣ የሌየሩን ዓይነት Overlay በማድረግ Add Noise በGaussian እና Monochromatic ይጨምሩበት። የአሮጌ ፎቶ ቅንጣት በስካኑ ላይ ከአንድ ፒክስል ስለሚሰፋ፣ ይህንኑ ሌየር በ0.6 ፒክስል ያህል ካላደበዘዙት እንደ አሸዋ የሾለ ሆኖ ይታያል። ብዛቱን በOpacity እየቀነሱ፣ በ200% አጉልተው፣ የሁለቱን ግንባር ጎን ለጎን ያወዳድሩ።

በመጨረሻ ከሌየሮቹ ሁሉ በላይ የInvert ማስተካከያ ሌየር ጨምረው ፎቶውን ለጊዜው ወደ ኔጋቲቭ ይለውጡ፤ በተለመደው መልኩ ዓይን ያለፈው የጠርዝ ብልጭታና የድምቀት ልዩነት በዚህ መልኩ ጎልቶ ይወጣል። የመጀመሪያውን ስካን ሳይነኩ ለብቻው ያስቀምጡ፤ በታተመው ቅጂ ጀርባም ማን እንደተጨመረና በየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጻፉ፤ አለዚያ የልጅ ልጆች አጎት በዚያ ቀን በቦታው እንደነበሩ አድርገው ይቆጥሩታል።