ጎባጣውን ጀርባ አስቀድማችሁ አትሳሉት

ሥራው ቡሬ ከተማ ለሚገኝ አንድ የበቆሎ መጋዘን ነበር። ባለቤቱ ለጫኝና አውራጆቹ ስለ ሸክም አነሣሥ የሚያስተምር የነጭ ሰሌዳ አኒሜሽን አዘዘኝ። ያው እጅ በማርከር እየሳለ ድምፅ የሚተርክበት ዓይነት። ሠራሁት፣ ላፕቶፑን ጆንያ ላይ ደገፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ሲያልቅ ጠና ያሉትን ሰውዬ «ጋሼ፣ እስኪ ያዩትን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ከወገባቸው ተቀንጥሰው ጎንበስ አሉና ሸክሙን ብድግ አደረጉት።

«እንዲህ አይደል የሳልኸው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ስዬዋለሁ። ትክክለኛው ከመምጣቱ በፊት የተሳሳተውን አቋም ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ አሳምሬ ስዬ፣ መጨረሻ ላይ ቀይ ኤክስ ደርቤበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የብዙ ጀማሪዎችን ሥራ አይቻለሁ። ሁሉም ይቺኑ ይደግሟታል። ስለዚህ በዚች ላይ ትንሽ ብናደድ ይቅር በሉኝ።

የነጭ ሰሌዳ ቪዲዮ ተመልካች የሚያየው የማርከሩን ጫፍ ነው። ማርከሩ ቀስ ብሎ የሳለው ነገር አእምሮው ውስጥ ይቀመጣል። ዘጠኝ ሰከንድ የፈጀ ጎባጣ ጀርባና ግማሽ ሰከንድ የፈጀ ኤክስ እኩል አይመዝኑም። የኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። «ሸክም ስታነሡ ጀርባችሁን አታጉብጡ» በሉ እስኪ። ክልከላው ያለው የት ነው? የመጨረሻዋ ቃል ላይ። ግሳችን መጨረሻ ስለሚመጣ፣ «አታጉብጡ» እስኪባል ድረስ ማርከሩ ጎባጣውን ስሎ ጨርሷል። ደጅ ላይ አይሱዙ ሞተሩን ሲያስነሳ ደግሞ ያቺ የመጨረሻ ቃል ትበላለች። የቀረው «ሸክም ስታነሡ ጀርባችሁን» የሚል ድምፅና የጎበጠ ሰው ሥዕል ነው። ለምን እሳቸውን እወቅሳለሁ?

ስለዚህ ትክክለኛውን ቀድማችሁ ሳሉት፣ ድምፁም «ጀርባችሁ ቀጥ ይበል» ይበል። የተሳሳተውን ማሳየት የግድ ከሆነ ከኋላ ይምጣ። ማርከሩ አይሳለው፤ ኤክሱን ይዞ ዱብ ይበል፣ ሁለት ሰከንድ ታይቶ ይጥፋ። ሰሌዳው ላይ የሚቀረው ትክክለኛው ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ስህተት ሰውን ከራሱ ጀምሮ መሳል ነው። የሥዕል ሰው ልማዱ ስለሆነ ከፊት ይጀምራል፤ ዓይን፣ ጺም፣ ኮፍያ። ድምፁ ስለ እግር አቋቋም እያወራ ተመልካቹ ጺም ያያል። ሶፍትዌሩም አያድናችሁም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሳለው ኤስቪጂ ፋይሉ ውስጥ መስመሮቹ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ነው። ሠዓሊው ከጺሙ ከጀመረ እጁም ከጺሙ ይጀምራል። ፋይሉን ከፍታችሁ መስመሮቹን አስተካክሉ።

እኔ አሁን የምሠራበትን ቅደም ተከተል በአንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። ሸክሙ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው፤ ሞልቶ ወደ 19 ኪሎ ይሆናል። ከጎን ነው የሚሳለው፤ ከፊት ለፊት ከሳላችሁት ጀርባም ርቀትም አይታይም። መጀመሪያ የመሬቱን መስመርና ጀሪካኑን በስተግራ አስቀምጣለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው እጅ ቀኝ እጅ ስለሆነ በስተቀኝ ያለውን ይሸፍናል፤ ከግራ ከጀመርኩ የተሳለው ወዲያው ይታያል። ቀጥሎ ጀሪካኑን ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙ ሁለት እግሮች፣ አንዱ ትንሽ ቀደም ብሎ። ከዚያ የታጠፈ ጉልበትና ዳሌ። ከዚያ ጀርባ፣ ባንድ መስመር፣ ሳይቆራረጥ። ከዚያ ጭንቅላት፤ ክብ ይበቃል። እጆች መጨረሻ ላይ ናቸው። እጅ ቀድሞ ከተሳለ ሰውዬው በእጁ ርዝመት ልክ ከጀሪካኑ ይርቃል፤ ይህ ደግሞ ልናጠፋው የመጣነው ስህተት ራሱ ነው። ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ሁሉም ካለቀ በኋላ ይመጣል።

ርቀት ስል ቀልድ አይደለም። የወገብ ጡንቻ ከአከርካሪው መታጠፊያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው የሚጎትተው። 20 ኪሎ ሸክም ከወገብ አንድ ክንድ፣ ማለትም 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከራቀ ጡንቻው አሥር እጥፍ፣ 200 ኪሎ ያህል ይጎትታል። ወደ አንድ ስንዝር፣ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ካስጠጉት ግማሹ ይቀራል። የራስን የሰውነት ክብደት ሳንጨምር ነው ይህ። ቁጥሩን ቪዲዮው ውስጥ አልጽፈውም። ከወገብ እስከ ጀሪካኑ አንዴ ክንድ፣ አንዴ ስንዝር አስለካለሁ። ሁሉም በገዛ እጁ ሲለካ አይቻለሁ።

ድምፁን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ መቅዳት ሌላው ጥፋት ነው። አንባቢው ሥዕሉን ለመያዝ ይሮጣል፤ ወይም እናንተ የእጁን ፍጥነት ትጨምሩና እጁ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ይሆናል። ድምፁን ቅዱ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሰከንድ ለኩ፣ ሥዕሉን በዚያ ልክ ቁረጡ። የጀሪካኑ ትዕይንት ንባብ ይኸውላችሁ፦

«ጀሪካኑን ጠጋ በሉት። እግራችሁን በትከሻችሁ ልክ ከፈት አድርጉ፤ አንዱን ትንሽ አስቀድሙ። ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ጀርባችሁ ቀጥ ይበል። ጀሪካኑን ጨብጡ፤ ወደ ሆዳችሁ አስጠጉ። በእግራችሁ ተነሡ።»

ሃያ ሦስት ቃል ነው። እኔ በደቂቃ ከ90 ቃል በላይ አላስነብብም፤ የአማርኛ ቃል አንዱ ራሱ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ንባቡ 15 ሰከንድ ይወስዳል። ከየዓረፍተ ነገሩ በኋላ ሁለት ሁለት ሰከንድ ዝምታ ሲጨመር 25 ይሞላል። በዝምታው ጊዜ እጁም ከሰሌዳው ይውጣ። ደንበኛ «ቪዲዮው ቆመ እንዴ?» ይላችኋል። አልቆመም በሉት።

የእንግሊዝኛ ስክሪፕት አስተርጉማችሁ ሥዕሉን በድሮው ቅደም ተከተል አትተዉት። እዚያ «አንሱ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ይመጣል፣ ቀስቱም አብሮ። በአማርኛ ድምፁ ገና ጀሪካኑ ጋ ሳይደርስ ቀስቱ ይሰቀላል።

ሙዚቃ አታስገቡ።

ሸክም ይዞ ስለ መዞር የምትሠሩ ከሆነ የእግር ጣቶቹን አቅጣጫ እንደገና ሳሉ። ወገቡን ብቻ ካዞራችሁት ጥምዘዛን አስተማራችሁ ማለት ነው።

የመጨረሻው ስህተት በአብዛኛው የኛ ሳይሆን የደንበኛው ነው፤ ዝም ካልን ግን የኛም ይሆናል። የቡሬው ሰውዬ ቪዲዮው ባለ 100 ኪሎ ኩንታል እንዴት በሰላም እንደሚነሣ እንዲያስተምር ፈልጎ ነበር። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ አንድ ሰው እንዲያነሣ የሚመክረው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። ኩንታል ከዚያ አራት እጥፍ ይበልጣል። ጉልበት በማጠፍ የሚፈታ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ አልተከራከርኩም፣ ሣልኩለት። ሁለተኛውን ዙር ስሠራ ግን የኩንታሉን ትዕይንት አወጣሁና ሁለት ሰዎች እህሉን ወደ ትናንሽ ጆንያ ሲከፍሉ፣ አንዱ ደግሞ በጋሪ ሲገፋ ሣልኩ። ባለቤቱ «ጋሪ እኮ የለንም» አለኝ። እኒያ ጠና ያሉት ሰውዬ ከኋላ ሆነው «እሱን ነው እኛም የምንልህ» አሉት።