ደንበኛ የት ላይ ነው የሚቀረው? የሽያጭ ፈነል በአንድ የደሴ ልብስ ሱቅ

ፈነል ስንል ዘይት ወደ ጠርሙስ የምንቀዳበት፣ አፉ ሰፊ መውጫው ጠባብ የሆነው ዕቃ ነው። የሽያጭ ፈነል ደግሞ ገበያተኛ ከማየት እስከ መግዛት የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ናቸው። ልዩነቱ ዘይቱ ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ገበያተኛ ግን በየደረጃው እየቀረ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው የት ላይ እንደሚቀር ማወቅ ነው።

ደሴ ፒያሳ ላይ የሴት ቀሚስ የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል። ደብተር አውጡና አምስት ዓምድ አስምሩ፦ መስታወቱ ጋ ቆሞ ያየ፣ የገባ፣ ዋጋ የጠየቀ፣ የለካ፣ የገዛ። ለአንድ ሳምንት በየሰዉ አንድ አንድ ጭረት። ቆሞ ያየውን መቁጠር ካስቸገረ ከገባው ጀምሩ።

ለምሳሌ 90 ሰው ቆሞ አየ፣ 40 ገባ፣ 28 ዋጋ ጠየቀ፣ 6 ለካ፣ 4 ገዛ። ብዙ ነጋዴ ይህን ሲያይ «ሰው አላወቀንም» ብሎ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ለማስለቀቅ ይሮጣል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው የሚለው። ከለኩት 6 ሰዎች 4ቱ ገዝተዋል፣ ስለዚህ ልብሱ ያን ያህል ችግር የለበትም። ዋጋ ጠይቀው ሳይለኩ የወጡት ግን ከ28ቱ 22 ናቸው። ቀዳዳው እዚያ ነው፣ በር ላይ የሚቆመውን እጥፍ ብታደርጉት እንኳ አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ምክንያቱን ከራሳቸው ስሙ። አንዷ ሳትለካ ልትወጣ ስትል «እህቴ፣ ምን ጎደለው?» በሏትና መልሷን ጻፉት። «በልኬ የለም» ካሉ ቀጣዩን ዕቃ ስታመጡ የሚጎድለውን ታውቃላችሁ፣ ስልኳን ይዛችሁም ሲገባ ትደውላላችሁ። «ከእናቴ ጋር እመለሳለሁ» ካለች፣ በተለይ ለዒድ ወይም ለሠርግ ከሆነ፣ ምክንያት እየፈጠረች ላይሆን ይችላል፤ ቀሚሱን በስሟ እስከ ማታ አስቀምጡላት። ብዙዎቹ «የት እለካዋለሁ?» ካሉ ደግሞ ዞር ብላችሁ የልብስ መለኪያ ክፍሉን እዩት። ካርቶን ተከምሮበት፣ መጋረጃው ስስ ሆኖ፣ መስታወቱ ውጭ ተሰቅሎ ከሆነ ማንም ሴት እዚያ ልብሷን አታወልቅም። ካርቶኑን አውጡ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ መስታወቱን ወደ ውስጥ አስገቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ምንም ሳትቀይሩ እንደገና ቁጠሩ። ሁለት ነገር አንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አይለይም። 26 ጠይቆ 12 ከለካ፣ 7 ከገዛ ችግሩ መለኪያ ክፍሉ ነበር ማለት ነው። የለካው ጨምሮ የሚገዛው 4 ላይ ከቆመ ግን ቀዳዳው ወደ ታች ወርዷል፣ አሁን የልብሱን ልክና ዋጋውን መመርመር ነው።

አንድ ሁለት ሰው በአጋጣሚም ይጨምራል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሳምንት ተከታተሉት። የዒድን ሳምንት ከተራ ሳምንት ጋር አታወዳድሩ፣ የገበያ ቀንንም ከገበያ ቀን ጋር ብቻ። የጠየቀው አብዛኛው እየለካ፣ የለካውም እየገዛ ከሆነ በኋላ ነው ለማስታወቂያ ገንዘብ የሚወጣው፤ ያኔም ዋጋውን ቪዲዮው ላይ ጻፉት፣ «ዋጋ በውስጥ» የሚለው ገና በሩ ላይ ብዙ ሰው ያስቀራል።