የክምችት ማቆያ ወጪን ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቃሊቲ አልፎ ገላን አካባቢ መጋዘን ተከራይቶ ቀለም የሚያከፋፍል ነጋዴ እናስብ። ዕቃው ለዓመት መጋዘን ውስጥ ሲቆይ ከዋጋው ስንት በመቶ ይበላል? ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። የዓመቱን የካፒታል፣ የማከማቻ፣ የብልሽትና የጉድለት ወጪ ደምሮ ለአማካይ ክምችት ማካፈል ነው። የሚበላሸው ቁጥሮቹ ሲሰበሰቡ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው።

የሰኔ 30ን ቆጠራ እንደ አማካይ መውሰድ

ይህ በጣም የተለመደው ስህተት ነው፤ ያ ቁጥር ተቆጥሮና ተፈርሞ ፋይል ውስጥ ስለሚገኝ ሁሉም ይወስደዋል። ነገር ግን ክረምት ሲገባ ግንባታ ይቀዘቅዛል፣ ነጋዴውም ከቆጠራው በፊት ግዢ ይቀንሳል። የኛ ነጋዴ ሰኔ 30 ላይ የ7,500,000 ብር ዕቃ ነበረው፤ የአሥራ ሁለቱ ወራት መጨረሻ ቀሪ ተደምሮ ለ12 ሲካፈል ግን 12,000,000 ይመጣል። ማከማቻ፣ ብልሽትና ጉድለት በአንድ ላይ 1,560,000 ብር ቢሆኑ፣ በትክክለኛው አማካይ 13 በመቶ ናቸው፤ በሰኔው ቁጥር 20.8 በመቶ ይሆናሉ። ክምችቱ የሚተመነውም በመሸጫ ሳይሆን በተገዛበት ዋጋ ነው፤ ተመላሽ የሚሆን ቫት አይጨመርበትም።

የራስን ገንዘብ በነፃ መቁጠር

ከ12 ሚሊዮኑ ግማሹ በ16 በመቶ ወለድ ከባንክ የተበደረው ነው፤ ወለዱ 960,000 ብር። ቀሪው 6 ሚሊዮን የራሱ ስለሆነ ብዙ ሰው ዜሮ ብሎ ያልፈዋል። ያ ገንዘብ ቀለም ላይ ባይታሰር ኖሮ ሌላ ቦታ ምን ያህል ያተርፍ ነበር? ነጋዴው 20 በመቶ ካለ፣ 1,200,000 ብር ይጨመራል። ድምሩ 2,160,000፣ ማለትም 18 በመቶ። አቅራቢው ያለ ወለድ በዱቤ የሰጠው ዕቃ ካለ ግን፣ ክፍያው እስኪደርስ ድረስ ካፒታል አልታሰረበትምና ከዚህ ይቀነሳል።

ብልሽትንና ጉድለትን ደጋግሞ መቁጠር

መጠቀሚያ ጊዜው የቀረበ 500,000 ብር የተገዛ ቀለም በ140,000 ብር ቢሸጥ፣ የብልሽቱ ወጪ 360,000 (3 በመቶ) ነው እንጂ 500,000 አይደለም።

ጉድለት ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። መዝገቡና ቆጠራው ሲነጻጸሩ 300,000 ብር ጎደለ እንበል። ሁሉንም ለሌባና ለመፍሰስ ከመስጠት በፊት የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን የቢን ካርዱንና ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ የሚቆረጡትን የወጪ ደረሰኞች ማመሳከር ያስፈልጋል። ከጎደለው የ120,000 ብሩ ዕቃ ቀደም ሲል በቅናሽ የተሸጠውና ከካርዱ ላይ ሳይቀነስ የቀረው ቀለም ሆኖ ተገኘ፤ ኪሳራው ብልሽት ውስጥ ገብቷል። የ60,000 ብር ዕቃ ደግሞ ተሸጦ ገንዘቡ ገቢ ሆኗል፤ የወጪ ደረሰኙ ብቻ አልተመዘገበም። እውነተኛው ጉድለት 120,000 ብር ወይም 1 በመቶ ነው። አንድ ምልክት አለ፦ አንዱ ቀለም ጎድሎ ተመሳሳዩ በዚያው መጠን ከተረፈ፣ ምክንያቱ ስርቆት ሳይሆን የኮድ መቀያየር ሊሆን ይችላል።

የመጋዘኑን ወጪ በሙሉ ክምችቱ ላይ መጫን

ኪራዩ በወር 100,000 ብር ነው። ሩቡን ቦታ ቢሮና የመኪና ማቆሚያ ከያዙት፣ የክምችቱ ድርሻ በዓመት 900,000 ብር ነው። ጥበቃ፣ መብራትና መድን 180,000 ሲጨመሩ 1,080,000 (9 በመቶ) ይሆናል። የጫኝና አውራጅ ክፍያ እዚህ አይገባም፤ ዕቃው ሲገባና ሲወጣ የሚከፈል እንጂ በመቆየቱ የሚጨምር አይደለም።

አራቱ ተደምረው 31 በመቶ መጡ። ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ይህን ቁጥር ለሁሉም ውሳኔ መጠቀም ነው።

አቅራቢው «የስድስት ወር ፍጆታህን አንዴ ከገዛህ 6 በመቶ እቀንስልሃለሁ» ቢለው፣ እኩል እየተሸጠ ከሄደ ዕቃው በአማካይ 3 ወር ይቆያል። በየወሩ ቢገዛ የሚቆየው ግማሽ ወር ነበር። ልዩነቱ 2.5 ወር ሲሆን፣ 31 በመቶ ለ2.5 ወር ሲሰላ 6.5 በመቶ ገደማ ነው፤ በዚህ ቅናሹ አያዋጣም። ነገር ግን መጋዘኑ ባዶ ቦታ ካለው ኪራዩ አይጨምርም። ከኪራዩ የመጣው 7.5 በመቶ ሲወጣ 23.5 ይቀራል፤ ለ2.5 ወር 4.9 በመቶ ብቻ። አሁን ቅናሹ ያዋጣል። ቦታ ጠቦት ሌላ መጋዘን የሚከራይ ከሆነ ግን አማካዩን 7.5 በመቶ ሳይሆን የአዲሱን ኪራይ እውነተኛ ብር ይደምር። የስድስት ወሩ ቀለም ሳያልቅ መጠቀሚያ ጊዜው የሚያልፍ ከሆነም 3 በመቶው ብልሽት ለዚህ ግዢ በቂ አይደለም፤ በጣሳው ላይ ያለውን ቀን አይቶ ለብቻው ማስላት ይኖርበታል።