ፑቱ ከኮሉ ለምን ይወደዳል? ስኪው ሲነበብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስን የሚከተልና አንዱ ድርሻ 100 ዶላር የሚሸጥ ፈንድ አለ እንበል። የሦስት ወር ኦፕሽኖቹ ተዘርዝረው ሲታዩ፣ ከዛሬው ዋጋ 10 ዶላር ዝቅ ብሎ ያለው የ90 ፑት፣ ማለትም ፈንዱን በ90 ዶላር የመሸጥ መብት፣ 1.32 ዶላር ያወጣል። 10 ዶላር ከፍ ብሎ ያለው የ110 ኮል፣ ማለትም ፈንዱን በ110 ዶላር የመግዛት መብት፣ ደግሞ 0.48 ዶላር ነው። ሁለቱም ከገበያው ዋጋ እኩል ይርቃሉ፤ የፑቱ ዋጋ ግን የኮሉን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እነዚህን ቁጥሮች ወለድንና ዲቪደንድን ዜሮ አድርጌ በብላክ ሾልስ ቀመር ያሰላኋቸው ለማሳያ ነው። ቅርጹ ግን በአክሲዮን ኢንዴክሶች ላይ ዘወትር የሚታየው ነው። ስኪው የሚባለውም ይኸው መዛነፍ ነው። ኦፕሽን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ የሚሳሳትባቸውን ነጥቦች እነሆ።

ዋጋን ከዋጋ ብቻ ማወዳደር

ብዙ ሰው «ርቀቱ እኩል ከሆነ ዋጋውም እኩል መሆን ነበረበት» ብሎ ይጀምራል። መነሻው ራሱ ትክክል አይደለም። ገበያው ለሁለቱም ኦፕሽኖች አንድ ዓይነት የመዋዠቅ ግምት፣ ለምሳሌ በዓመት 20 በመቶ፣ ቢሰጥ ኖሮ የ110 ኮሉ 0.95፣ የ90 ፑቱ ደግሞ 0.71 ዶላር ያወጡ ነበር። ማለትም ኮሉ ነበር የሚወደደው። ምክንያቱ ቀመሩ ዋጋ በመቶኛ እንደሚባዛ አድርጎ የሚያስብ መሆኑ ነው፤ ወደ ላይ ማለቂያ የለውም፣ ወደ ታች ግን ከዜሮ አያልፍም። ወለድ ሲጨመርበት ደግሞ ኮሉ የባሰ ይወደዳል።

ስለዚህ ስኪው የሚያደርገው ከሚመስለው በላይ ነው። መጀመሪያ ኮሉ የነበረውን ብልጫ ያጠፋል፣ ከዚያ አልፎ ሚዛኑን ወደ ፑቱ ይገለብጣል። ይህን ለማየት የዶላሩን ዋጋ ትቶ IV የሚለውን ዓምድ ማንበብ ያስፈልጋል። ዓምዱ የሚነግረን የተከፈለው ዋጋ ትክክል እንዲሆን ቀመሩ ምን ያህል ዓመታዊ መዋዠቅ መቀበል እንዳለበት ነው። በምሳሌያችን የ90 ፑቱ 25 በመቶ፣ የ100 ዶላሩ 20 በመቶ፣ የ110 ኮሉ 16 በመቶ ያሳያል። ከግራ ወደ ቀኝ እየወረደ የሚሄደው ይህ መስመር ስኪው ነው።

«እኩል ርቀት» የሚለውም ቢሆን ከጊዜ ተነጥሎ ትርጉም የለውም። በሦስት ወር ውስጥ 10 በመቶ መውረድና በአሥር ቀን ውስጥ 10 በመቶ መውረድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነጋዴዎች ፑትንና ኮልን በዶላር ርቀት ሳይሆን በእኩል ዴልታ የሚያወዳድሩት ለዚህ ነው። ዴልታ ፈንዱ በአንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ የኦፕሽኑ ዋጋ የሚንቀሳቀስበት መጠን ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው 0.25 ሲሆን በአጭሩ 25 ይባላል።

ስኪውን የፑትና የኮል ልዩነት አድርጎ ማየት

ይህ ስህተት የሌሎቹ ሥር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። «ፑት ውድ ነው፣ ኮል ርካሽ ነው» የሚል ሰው፣ የመውረድ ፍርሃት ካለው ፈንዱን ይዞ ፑት ከመግዛት ይልቅ በፈንዱ ምትክ የ90 ኮል መግዛት ይረክሳል ብሎ ሊያስብ ይችላል። አይረክስም። በአንድ የውል ዋጋ፣ ለምሳሌ በ90፣ ላይ ያሉት ፑትና ኮል በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው፤ አንዱ 25 በመቶ ከሆነ ሌላውም 25 በመቶ ነው።

በቁጥር እንየው። የ90 ፑቱ 1.32 ከሆነ የ90 ኮሉ 11.32 መሆን አለበት፤ 10 ዶላሩ አሁን ያለው ጥቅም፣ 1.32ቱ የቀረው ነው። አንድ ሻጭ ኮሉን በ20 በመቶ ግምት በ10.71 ዶላር አቀረበ እንበል። ያየ ነጋዴ ወዲያው ኮሉን ይገዛል፣ ፑቱን ይሸጣል፣ ፈንዱን ደግሞ ተበድሮ በ100 ይሸጣል። በእጁ 90.61 ዶላር ይገባል። በውሉ ማብቂያ ቀን ዋጋው ከ90 በላይ ከሆነ በኮሉ መብት በ90 ይገዛል፤ ከ90 በታች ከሆነ ደግሞ የሸጠው ፑት በ90 እንዲገዛ ያስገድደዋል። በየትኛውም መንገድ 90 ከፍሎ ብድሩን ይመልሳል፣ 61 ሳንቲም በእጁ ይቀራል። እንዲህ ያለ ክፍተት የባለሙያ ገበያ ላይ ሳይነጠቅ አይቆይም። በአሜሪካ ፈንዶች ላይ ውሉ ከማብቂያው በፊት ሊተገበር ስለሚችልና የመበደሪያ ወጪም ስላለ ገመዱ ጥቂት ይላላል፣ ግን አይበጠስም።

ስለዚህ ስኪው የውል ዋጋው እንጂ የኦፕሽኑ ዓይነት ጉዳይ አይደለም። ውድ የሚባለው ከገበያው በታች ያለው አካባቢ በሙሉ ነው፤ እዚያ ያለ ኮልም ተወድዷል።

ውድ ፑትን እንደ ትንቢት መቁጠር

«ፑት ተወደደ፣ እንግዲህ ገበያው ሊወድቅ ነው» የሚለውን በየጊዜው እንሰማለን። የቤት እሳት ዋስትና የሚከፍል ሰው ቤቴ ዘንድሮ ይቃጠላል ብሎ አይደለም፤ ዋስትና ሰጪውም ከአማካይ ጉዳቱ በላይ ያስከፍላል። በፑቱ ዋጋ ውስጥም የመውደቅ ዕድል ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ሁሉ ሲከስር የሚከፈል ገንዘብ ያለው ልዩ ክብደት ተጨምሮበታል። ሁለቱን ከዋጋው ብቻ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

የዚህ መዛነፍ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። በአሜሪካ የኢንዴክስ ኦፕሽን ገበያ መስመሩ ቀድሞ ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 1987፣ ሰኞ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወደቀ። በቀመሩ ስሌት እንዲህ ያለ ቀን በሰው ልጅ ዕድሜ የሚታይ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ራቅ ያለ ፑት የሸጠ ሁሉ ምን እንደሚያስከፍለው አወቀ፤ መስመሩም ዘንበል ብሎ እስከ ዛሬ ቆየ።

ዘንበል እንዲል ያደረጉት ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው ዋጋ ሲወርድ መዋዠቁ ራሱ መጨመሩ ነው። ዕዳ ያለበት ኩባንያ አክሲዮኑ ሲወርድ ዕዳው አብሮ ስለማይወርድ፣ የቀረው ድርሻ የበለጠ ይናወጣል። በኢንዴክስ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ በደህናው ቀን አክሲዮኖች በየራሳቸው መንገድ ሲሄዱ በድንጋጤ ቀን ሁሉም አንድ ላይ ይወርዳሉ። የኢንዴክስ ስኪው ከነጠላ አክሲዮኖች ስኪው ይበልጥ ቁልቁል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የፈላጊና የሻጭ ነገር ነው። የጡረታ ፈንዶችና ትልልቅ ባለሀብቶች አክሲዮን ስላላቸው ፑት ይገዛሉ፣ ወጪውን ለመቀነስም ኮል ይሸጣሉ። ሁለቱም ድርጊት በአንድ አቅጣጫ ይገፋል፤ የታችኛውን ያስወድዳል፣ የላይኛውን ያረክሳል። በተቃራኒው በኩል ቆሞ ፑት የሚሸጠው ነጋዴ ካፒታሉ የተወሰነ ነውና ለተሸከመው ስጋት ክፍያ ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ገበያው በሚቀጥለው ወር ይወድቃል» የሚል መልእክት መቅዳት አይቻልም።

«ውድ ስለሆነ ልሽጠው» ማለት

የሚያሳስበኝ ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹ ግንዛቤ ያዛባሉ፣ ይህኛው ቤት ያፈርሳል። የ90 ፑቱን በ1.32 የሸጠ ሰው ዴልታውን ሲያይ 0.18 አካባቢ ነው። ገበያው በ10 ዶላር ቢወርድ 1.83 ዶላር አጣለሁ ብሎ ይገምታል፤ «90ን ካልተሻገረ ደግሞ ምንም አልከፍልም» ይላል።

በማግሥቱ ዋጋው ከ100 ወደ 90 ወረደ እንበል። የመዋዠቁ ግምት በ25 ቢቆይ እንኳ ፑቱ 4.49 ዶላር ይሆናል፤ ምክንያቱም ዋጋው በወረደ ቁጥር ዴልታው ራሱ ያድጋል። ነገር ግን ግምቱ በ25 አይቆይም። ወደ 40 ከዘለለ ፑቱ 7.17 ዶላር ያወጣል። ሻጩ በአንድ ድርሻ 5.85፣ በአንድ የ100 ድርሻ ውል 585 ዶላር ጎደለበት፤ ከተቀበለው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዋጋው 90ን ገና አልተሻገረም። ውሉ ሲያበቃ ሊያተርፍ ይችል ነበር፤ ደላላው ግን ተጨማሪ መያዣ ዛሬ ይጠይቃል፣ ካጣም በራሱ ዘግቶ ያስከስረዋል። 40 የተጋነነ ቁጥር እንዳይመስል፣ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 12 በመቶ ሲወርድ የሚጠበቀውን የ30 ቀን መዋዠቅ የሚለካው ቪክስ 82.69 ላይ ነበር የዘጋው።

ፑት መሸጥ ክልክል ነው አላልኩም። ለተሸከሙት ስጋት የሚከፈል ደመወዝ አለ፣ እሱን መቀበል ይቻላል። መሸጥ የፈለገ ግን ከታች የ80 ፑት ይግዛ። እሱ በስኪው ምክንያት 30 በመቶ አካባቢ ሆኖ 0.40 ዶላር ያስወጣዋል። የሚቀረው 0.92 ነው፤ የከፋው ኪሳራ ደግሞ 9.08 ላይ ይቆማል። ትንሽ ገቢ ነው፣ ግን ወለል አለው።

እኩል የሆነ ነጻ ኮላር መጠበቅ

አክሲዮን ያለው ሰው ኮል ሸጦ በገቢው ፑት ሲገዛ ኮላር ይባላል። 10 በመቶ ከታች ተጠብቆ፣ 10 በመቶ ከላይ አሳልፎ በመስጠት ነጻ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ነው። በምሳሌያችን ግን የ110 ኮሉ 0.48 ብቻ ስለሆነ 84 ሳንቲም ይጎድላል። ወጪው ዜሮ እንዲሆን ኮሉ ወደ 106 አካባቢ መውረድ አለበት። እዚያ የመዋዠቁ ግምት 17.6 በመቶ ሆኖ ዋጋው 1.38 ይደርሳል። የስኪው ዋጋ የተከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከላይኛው ትርፍ ተቆርጦ ነው፤ አራት በመቶ።

በአክሲዮን የታየውን ሁሉም ገበያ ላይ መዘርጋት

ስኪው ሁልጊዜ ወደ ታች አያዘነብልም፤ ፍርሃቱ ወዳለበት ያዘነብላል። በጌምስቶፕ አክሲዮን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ሰዎች የሚሻሙት ራቅ ያለ ኮል ነበር፤ የላይኛው ጫፍ ተወደደ። በእህልና በቡና ደግሞ የሚፈራው እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ብራዚልን ውርጭ ሲመታት የአረቢካ ቡና ዋጋ ኒው ዮርክ ላይ ተተኮሰ። ያን ጊዜ የሚጨነቀው ጥሬ ቡና ገዝቶ የሚቆላው ነው፤ ዋስትናውም ኮል ነው። የኢትዮጵያ ቡና ላኪዎች ውላቸውን ሲዋዋሉ የሚያዩት የኒው ዮርኩን ዋጋ ስለሆነ፣ በዚያ ገበያ ኦፕሽን የሚያይ ሰው ከኤስ ኤንድ ፒ 500 የተማረውን መስመር ይዞ ቢገባ ይሳሳታል። መጀመሪያ ከ25 ዴልታው ኮልና ፑት IV የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ይይ።